ጥላው ሳይደፈርስ ገብስማ ፀጉርን ማቅለም

ፎቶው ላይ ያሉት እናት ስልሳን ተሻግረዋል። ፀጉራቸው ሹሩባ ተሠርቶ ወደ ኋላ ወርዷል፤ ትከሻቸው ላይ ነጠላ ጣል አድርገዋል። ልጃቸው ፎቶውን በትልቁ አሳትማ ግድግዳ ላይ ልትሰቅለው ነው። የፈለገችው አንድ ነገር ነው፦ የእናቷ ፀጉር እንደ ድሮው ቡናማ ሆኖ ይታይ። እንዲህ ያለ ትእዛዝ ፎቶ ለሚያስተካክል ባለሙያ እንግዳ አይደለም። ቀላል የሚመስለው ሥራ የሚበላሸው ደግሞ ብዙ ጊዜ አንድ ቦታ ላይ ነው፤ ጥላው ላይ።

ምስሉ በፎቶሾፕ ተከፍቶ በደንብ ሲጎላ፣ ከሩቅ አመድማ የሚመስለው ፀጉር አንድ ቀለም እንዳልሆነ ይታያል። ሽበት የሚመጣው ከሥሩ ሜላኒን የተባለው ቀለም መመረት ሲያቆም ነው። ቀለም ያጣው ፀጉር ብርሃኑን ይበትነዋል፤ ስለዚህ ነጭ ሆኖ ይታያል። ገብስማ ማለት እነዚህ ነጫጭ ፀጉሮች ገና ካልሸበቱት ጋር ጎን ለጎን ሲሆኑ ነው። በሹሩባው መሃል ያለው ስንጥቅና ከጆሮ ጀርባ ያለው ክፍል ደግሞ ብርሃን ስለማይደርሰው ወደ ጥቁር ይጠጋል።

ጀማሪ የሚያደርገው የታወቀ ነው። በላዩ ላይ አንድ ወጥ ቡናማ ሌየር ያስቀምጣል፤ የሌየሩን ሞድ Color ያደርገዋል፤ ፀጉሩን በብሩሽ ይሸፍናል። Color የታችኛውን ምስል ብርሃንና ጥላ ሳይነካ ቀለሙን ብቻ የሚቀይር ሞድ ስለሆነ ምርጫው ምክንያት አለው። ውጤቱ ግን ያሳዝናል። ብርሃን ያረፈበት ፀጉር የኮክ ፍሬ ይመስላል፤ ጥላው ደግሞ እንደ ክረምት ጎርፍ ይደፈርሳል።

ለምን እንዲህ እንደሚሆን ሁለት ነጥቦችን ብቻ በቁጥር ማየት ይበቃል። የተመረጠው ቡናማ ቀይ 110፣ አረንጓዴ 60፣ ሰማያዊ 35 ነው እንበል። ብርሃን የመታው ሽበት በሦስቱም ቀለሞች 200 ገደማ ነው። Color ሞድ ያንን ብርሃን ጠብቆ ቡናማውን ሲጨምርበት 238፣ 188፣ 163 ይሆናል። ይህ ቡናማ አይደለም፤ የገረጣ ሮዝማ ነው። በሹሩባው ስንጥቅ ውስጥ ያለው ጥላ ደግሞ በሦስቱም 30 ነበር። እሱ 60፣ 20፣ 0 ይሆናል። ሰማያዊው ጨርሶ ጠፋ ማለት ነው፤ የቀለሙ ሙሌት መቶ በመቶ ደረሰ። ፎቶው ላይ በጣም ጨለማ የነበረው ቦታ በቀለም ከሁሉም የበለጠ የተጠማ ሆነ።

እውነተኛ ፀጉር እንዲህ አይደለም። ፀሐይ ላይ የቆመን ሰው ቡናማ ፀጉር ያየ ሰው ያውቀዋል፤ ወዘናው የሚያንጸባርቅበት መስመር የሚይዘው በአብዛኛው የብርሃኑን ቀለም ነው። ድቅድቅ ያለው ጥላ ከጥቁር ብዙም አይለይም። ቡናማነቱ ጎልቶ የሚታየው በሁለቱ መሃል፣ በመካከለኛው ብርሃን ላይ ነው። ስለዚህ ባለሙያው ቀለሙን ማብዛት ወይም መቀነስ አይደለም ሥራው፤ ቀለሙ የት እንዲያርፍ መወሰን ነው።

ይህን ለመወሰን ሁለት ጥያቄዎችን ለየብቻ መመለስ ያስፈልጋል። አንደኛው ፀጉሩ የት ነው የሚለው ነው፤ ሁለተኛው እያንዳንዱ ፀጉር ምን ያህል ቀለም ይቀበል የሚለው ነው። ለመጀመሪያው Color Range የተባለው የምርጫ መሣሪያ ያገለግላል። ለሁለተኛው የሚያገለግለው የብርሃን ማስክ ነው።

Color Range በSelect ምናሌ ውስጥ ይገኛል። በመዳፊት የተነካውን ቀለም የሚመስሉ ፒክሰሎችን ሁሉ ከምስሉ ይለቅማል። ገብስማ ላይ ችግር የሚሆነው ይሄ ነው፤ ነጩ ነጠላም፣ ከኋላ ያለው ግራጫ ግድግዳም ሽበት ይመስሉታል። መፍትሔው አስቀድሞ በLasso በፀጉሩ ዙሪያ ሰፋ ያለ መስመር መሳል ነው። Color Range ከዚያ በኋላ ሲከፈት የሚፈልገው በመስመሩ ውስጥ ብቻ ይሆናል። ባለሙያው መጀመሪያ መካከለኛ ብርሃን ያለውን ፀጉር ይነካል፤ ቀጥሎ Shift ተጭኖ ነጩንና ጠቆር ያለውን ይጨምራል። Fuzziness የሚለውን ማንሸራተቻ ከ40 አካባቢ ጀምሮ ከፍና ዝቅ እያደረገ በጥቁርና ነጭ የሚታየውን ቅድመ እይታ ይከታተላል። ግንባሩ ሳይነጣ ፀጉሩ ከነጣ ምርጫው ደርሷል።

ይህ ምርጫ በቀጥታ በቀለም ሌየር ላይ አይውልም። ባዶ ግሩፕ ይከፈትና የግሩፑ ማስክ ይደረጋል። ከዚህ በኋላ በግሩፑ ውስጥ የሚገባ ነገር ሁሉ ከፀጉሩ አይወጣም፤ ውስጡ ያሉት ሌየሮች ደግሞ የየራሳቸውን የብርሃን ማስክ ለመያዝ ነፃ ይሆናሉ። በግንባር ዳር የወጡትን ቀጫጭን ፀጉሮች Color Range ሊያመልጡት ይችላሉ። እነሱን በግሩፑ ማስክ ላይ፣ ሞዱ Overlay በሆነ ነጭ ብሩሽ፣ ቀስ ብሎ መመለስ ይቻላል።

የብርሃን ማስክ ምስሉ ራሱ የሚሠራው ማስክ ነው። ብሩህ ፒክሰል ብዙ ያሳልፋል፤ ጨለማ ፒክሰል ጥቂት ያሳልፋል። ዘዴውን በስፋት ካስተዋወቁት አንዱ አሜሪካዊው የመልክዓ ምድር ፎቶ አንሺ ቶኒ ካይፐር ነው፤ በ2006 ባወጣው ትምህርት ሰማይና ዓለትን ለየብቻ ለማስተካከል ይጠቀምበት ነበር። ለገብስማ ፀጉርም የተፈጠረ ይመስላል፤ ምክንያቱም ነጩን ፀጉር አጠገቡ ካለው ጥቁር የሚለየው አንድ በአንድ ነው። ይህን በእጅ በብሩሽ ለመሥራት ሳምንትም አይበቃም።

ሽበትን ቡናማ ለማድረግ ቀለም ከመጨመር በፊት ማጥቆር ያስፈልጋል፤ 200 ላይ ያለ ብርሃን ቡናማ መምሰል አይችልምና። በዊንዶውስ Ctrl+Alt+2፣ በማክ Cmd+Option+2 ሲጫን የምስሉ ብሩህ ክፍል ይመረጣል። ምርጫው እንዳለ በግሩፑ ውስጥ Curves ሌየር ሲጨመር ምርጫው በራሱ ማስክ ይሆናል። ከዚያ የመስመሩ የላይኛው ቀኝ ጫፍ ከ255 ወደ 160 ይወርዳል። በግምት ሲሰላ 200 የነበረው ሽበት ወደ 141 ይወርዳል፤ 30 የነበረው ጥላ ግን 29 ላይ ይቀራል፤ አልተነካም ማለት ይቻላል። ጫፉ ከዚህ ብዙ ቢወርድ፣ ለምሳሌ 110 ቢደርስ፣ 245 የነበረው ወዘናና 200 የነበረው ፀጉር ሁለቱም 111 አካባቢ ይገናኙና ፀጉሩ እንደ ባርኔጣ ጠፍጣፋ ይሆናል።

አሁን የቀለሙ ተራ ነው፤ የሚያስፈልገውም የመካከለኛው ብርሃን ማስክ ነው። ከጠቆረው ምስል ላይ እንደገና Ctrl+Alt+2 ይጫናል፤ ምርጫው በChannels ውስጥ Alpha 1 ተብሎ ይቀመጣል። በCtrl+Shift+I ምርጫው ይገለበጣል፤ ቀጥሎ Ctrl፣ Alt እና Shift አንድ ላይ ተይዘው Alpha 1 ይነካል። የሚቀረው ለብሩሁም ለጨለማውም የጋራ የሆነው መሃሉ ነው። እዚህ ላይ ፎቶሾፕ ከግማሽ በላይ የተመረጠ ፒክሰል እንደሌለ የሚገልጽ መልእክት ያወጣል፤ የሚርገበገበው መስመርም አይታይም። ብዙ ሰው የተሳሳተ መስሎት የሚመለሰው ከዚህ ነው። ምርጫው ግን አለ፤ ደብዛዛ ስለሆነ ነው የማይታየው። ቡናማው Solid Color ሌየር ይጨመርና ሞዱ Color ይደረጋል። ቀጥሎ ማስኩ ተመርጦ Ctrl+L ይጫናል፤ በቀኝ ያለው ነጭ ሦስት ማዕዘን በጣም ብሩህ የሆነው የማስኩ ክፍል እስኪነጣ ድረስ ወደ ግራ ይሳባል።

ውጤቱን ከመጀመሪያው ጋር ማስተያየት ይቻላል። 141 ላይ የቆመው ፀጉር ቀለሙን በሙሉ ሲቀበል 179፣ 129፣ 104 ይሆናል፤ ይህ ፈካ ያለ፣ እውነተኛ ፀጉር የሚመስል ቡናማ ነው። ማስኩ ጥላው ላይ ቀለሙን 40 በመቶ ብቻ ካሳለፈ ደግሞ ያ 60፣ 20፣ 0 የነበረው ጥላ 42፣ 26፣ 18 ላይ ያርፋል። ቡናማነት ይሸታል፤ ግን ጥላነቱን አልለቀቀም።

ወርቃማ ፀጉር ሲሆን መንገዱ ይለያል። ሽበት የራሱ ቀለም ስለሌለው Hue/Saturation ውስጥ Hue የሚለውን ማንሸራተቻ ወዲያና ወዲህ ቢገፉት ምንም አይለወጥም። ወርቃማ ፀጉር ግን ቀለም አለው፤ ቀለሙም ከብርሃኑ ጋር ተስማምቶ የተደለደለ ነው። ወደ መዳብማ ለመውሰድ Hue ከ15 እስከ 20 ዝቅ ማድረግ ብዙ ጊዜ ይበቃል፤ የተፈጥሮ ድልድሉም አይፈርስም። ሰማያዊ ቀለም በSoft Light ከላዩ ቢደረብበት ግን ከሥር ካለው ቢጫ ጋር ይቀላቀልና ቀለሙን ያበላሸዋል። ወርቃማውን ሲያጠቁሩም የCurves ሌየር ሞድ Luminosity ይደረጋል፤ ያኔም ዝገት ዝገት ካለ ሙሌቱን መቀነስ ነው። የነጭ ሰው ግንባር ከወርቃማ ፀጉር ጋር በቀለም ስለሚቀራረብ የLasso መስመሩ ከፊት ራቅ ማለት አለበት።

ዘዴው የማያድነው ፎቶም አለ። በፍላሽ ተመቶ 255 ላይ የደረሰ ሽበት ውስጡ የፀጉር መስመር የለም፤ ማስኩ የሚለየው ነገር ስለሌለ ቡናማ ልጥፍ ብቻ ይወጣል። በቴሌግራም ተጨምቆ የመጣ ፎቶ ደግሞ በጥላው ውስጥ ትናንሽ ካሬዎች አሉት፤ ቀለም ሲጨመር ካሬዎቹ ይወጣሉ። ባለሙያው ዋናው ፋይል ሳይጨመቅ እንዲላክለት የሚለምነው ለዚህ ነው።

ፋይሉ ከመላኩ በፊት የእናትየው ፎቶ በ100 በመቶ ይታያል። የInfo ሰሌዳ በF8 ይከፈትና ወደ HSB ይቀየራል፤ ጠቋሚው ከጆሮ ጀርባ ባለው ጥላ ላይ ሲያርፍ የሙሌቱ ቁጥር ወደ 100 ከተጠጋ ማስኩ ጥላውን ገና አልጠበቀም። በግንባሩ ዳር ቀጭን ግራጫ ክር ከታየ የግሩፑ ማስክ አጥሯል። ፀጉሩ ሁሉ ካማረ በኋላ አንድ ነገር ተረስቶ ሊገኝ ይችላል፤ ቅንድባቸው። እሱም ሸብቷል። ያንኑ ግሩፕ ቀድቶ፣ ማስኩን በቅንድቡ ልክ ቀይሮ፣ ኃይሉን ወደ ግማሽ ዝቅ ማድረግ ሁለት ደቂቃ አይፈጅም፤ ልጅቷም ፎቶውን ስታየው እናቷን ታገኛለች።