ድንኳኑ ከተነሣ በኋላ

እ.ኤ.አ. በ2016 ለእይታ በበቃው «ማንቸስተር ባይ ዘ ሲ» በተሰኘው የአሜሪካ ፊልም፣ ፓትሪክ የሚባል የ16 ዓመት ልጅ አባቱ በልብ ሕመም ይሞትበታል። ልጁ ግን ሲያለቅስ አይታይም። ሆኪውን ይጫወታል፣ ከጓደኞቹ ጋር ይሳሳቃል፣ ከሴት ልጆች ጋር ይቀጣጠራል። ወራቱ ብርድ ነውና መሬቱ ደርቆ መቃብር መቆፈር አልተቻለም፤ አየሩ እስኪሞቅ አስከሬኑ በማቀዝቀዣ እንዲቆይ ይደረጋል። አንድ ሌሊት ልጁ ፍሪጅ ይከፍታል። በረዶ የሆነ ዶሮ ይወድቅበታል። አንሥቶ ሊመልሰው ይሞክራል፤ አይገባለትም። ድንገት ትንፋሹ ይቆራረጣል። አጎቱ ምን እንደነካው ሲጠይቀው የሚናገረው አንድ ነገር ነው፤ አባቱ ፍሪዘር ውስጥ መሆኑን አልወደደውም።

ፊልሙን ጽፎ ያዘጋጀውና በድርሰቱ ኦስካር የተሸለመው ኬኔት ሎነርገን፣ ልጁ ምን ያህል እንዳዘነ የሚያስረዳን ሰው አላቆመም። ሥራውን ለዶሮው ሰጠው። ዶሮው በራሱ የሐዘን ምልክት አይደለም፤ የትም ቤት የሚገኝ የምግብ ዕቃ ነው። ክብደት የሰጠው ተመልካቹ ስለ አስከሬኑ ማቀዝቀዣ ቀደም ብሎ መስማቱ ነው። ያ ባይቀድም ኖሮ ትዕይንቱ የሚያስቅ ብቻ ይሆን ነበር። አሁንም ቢሆን ጥቂት ያስቃል፤ ይህ ግን አልጎዳውም።

ሐዘንን በዕቃና በዕለት ሥራ ለማሳየት የሚሞክሩ ብዙ ጀማሪ ጸሐፊዎች የሚሰናከሉት እዚህ ላይ ነው። የሚመርጡት ዕቃ ገና ከመነሻው የሐዘን ዕቃ ነው፤ ግድግዳ ላይ የተሰቀለ ፎቶግራፍ፣ ባዶ ወንበር፣ ጠረኑ የሚሸተት የሟች ሸሚዝ። አንባቢ እነዚህን ከመቶ ታሪክ ውስጥ ያውቃቸዋል። ምልክቱን ለይቶ ያልፋል እንጂ አይነካውም።

በአማርኛ ለሚጽፍ ሰው ደግሞ ተጨማሪ ፈተና አለ። የአገራችን ሐዘን ከጥንት ጀምሮ የራሱ ዕቃና ሥርዓት አለው። ድንኳኑ፣ ንፍሮው፣ ከሉ፣ ተዘቅዝቆ የሚለበሰው ነጠላ፣ አርባው፣ ተዝካሩ ሁሉ ለሚያይ ሰው «እዚህ ቤት ሰው ሞቷል» ይላሉ። ነገር ግን እነዚህ የሁሉም ናቸው። አጥብቆ ያዘነውም ለይሉኝታ የመጣውም እዚያው ድንኳን ሥር ይቀመጣሉ። ስለዚህ ነጠላዋን ያዘቀዘቀች ሴት መጻፍ «አዘነች» ብሎ ከመጻፍ ብዙም አይለይም። የዚህች ሴት፣ የእርሷ ብቻ የሆነው ሐዘን የሚታየው እድሩ ድንኳኑን ነቅሎ፣ ወንበሩን ቆጥሮ ከወሰደ በኋላ ነው።

ሌላው ስሕተት ምሥጢር ማብዛት ነው። «ስሜቱን አትሰይም» የሚለውን ምክር የሰማ ጸሐፊ ሞቱንም አብሮ ይደብቃል። አንባቢው ማን እንደሞተ ለማወቅ ሲፈታ የሚውለው እንቆቅልሽ ይሆናል። አንቶን ቼኾቭ እ.ኤ.አ. በ1886 ያሳተመው «ቶስካ» የተባለ አጭር ታሪክ ተቃራኒውን ያደርጋል። ዮና የተባለው የፒተርስበርግ ባለ ጋሪ ልጁ በዚያው ሳምንት እንደሞተ ለተሳፋሪዎቹ ደጋግሞ በግልጽ ይናገራል። አንዱ በምን እንደሞተ ይጠይቅና ወዲያው ቶሎ ንዳ ይለዋል። ሌላው ሁላችንም እንሞታለን ብሎ ያልፈዋል። ነገሩ በአደባባይ ተነግሯል፤ የቀረው የሚሰማ ሰው ነው።

የዮና ልብ የሚነበበው ከሥራው ነው። በረዶው በላዩ ሲከመር አያራግፈውም። ሦስት ወጣቶች ከተገቢው ያነሰ ሒሳብ ሲያቀርቡለት አይከራከርም። አንድ ባለ ጋሪ በዋጋ አለመከራከሩ ለሚያውቅ ሰው ብዙ ነገር ይናገራል። በመጨረሻም በጊዜ ወደ ማደሪያው ይመለሳል፤ የአጃ መግዣ እንኳ አላገኘም፤ ፈረሲቱ ድርቆሽ ትበላለች። ታሪኩን ለእርሷ የሚነግራትም እዚያ በረቱ ውስጥ ነው። ሐኪም የነበረው ቼኾቭ እ.ኤ.አ. በ1892 ለደራሲት ሊዲያ አቪሎቫ በጻፈው ደብዳቤ፣ ስለ ምስኪኖች ስትጽፍ ቀዝቀዝ እንድትል መክሯታል። ምክንያቱ ቀላል ነው፤ ሐዘን ጎልቶ የሚታየው ከበስተኋላው ቀዝቃዛ ነገር ሲኖር ነው።

ነገሩን በአገር ቤት ምሳሌ መሞከር ይቻላል። አዲስ አበባ ውስጥ ውሃ በፈረቃ የሚመጣበት ሰፈር እንውሰድ። ውሃው የሚመጣው ሌሊት ነው። ባልየው ቧንቧው ሲንሿሿ ይነሣል፤ ጀሪካኖቹን በየተራ ይሞላል፤ ሚስቱ አልጋዋ ላይ ሆና የውሃው ድምፅ ከወፍራም ወደ ቀጭን ሲለወጥ ትሰማለች፤ ሞላ ማለት ነው። ይህ ሁሉ ባልየው በሕይወት እያለ፣ ስለ ሌላ ጉዳይ በሚናገር ትዕይንት መሐል፣ በሁለት ዐረፍተ ነገር መግባት አለበት። ለምሳሌ ስለ ልጃቸው የትምህርት ቤት ክፍያ ሲጨቃጨቁ እርሱ መልሱን ሳይጨርስ ወደ ቧንቧው ይሄድ።

ከዚያ ይሞታል። ጸሐፊው «ሞተ» ብሎ በግልጽ ይጻፈው። ለቅሶውን በአንድ አንቀጽ ይለፈው። ድንኳኑ በተነሣ በሳምንቱ ቧንቧው ይንሿሻል። ሴትዮዋ ነቅታለች። ትሰማለች። ትጠብቃለች። የጎረቤት ባልዲ ይንኳኳል፣ ከሥር የተተወው ሳፋ ሞልቶ ወደ ግቢው ይፈስሳል፤ እርሷ ግን አልተነሣችም። ጠዋት ጎረቤቷ «ውሃውን ለምን አባከንሽው?» ስትላት «እንቅልፍ ጥሎኝ» ትላለች። አንባቢው ነቅታ እንደነበር ያውቃል። ያቺ ትንሽ ውሸት ከአንድ ገጽ ሙሾ ይልቅ ታሪኩን ትሸከማለች።

ጸሐፊው እዚህ ቢያቆም ግን ያየነው አንድ ቅጽበት ብቻ ነው። ሐዘን ቀን ይበላል፤ ስለዚህ ቧንቧው እንደገና መንሿሻት አለበት፣ በዚያን ጊዜም የሆነ ነገር መለወጥ አለበት። ምናልባት ከወር በኋላ ተነሥታ ትሞላለች፤ ነገር ግን ለአንድ ሰው ከሚበቃው በላይ፣ እርሱ ይሞላው የነበረውን ያህል ጀሪካን ሁሉ ትሞላለች። ወይም ልጁ ቀድሟት ተነሥቶ ታገኘዋለች። የትኛው እንደሚሻል የሚወስነው የሴትዮዋ ጠባይ ነው። በሁለቱም ግን ጸሐፊው «የባሏ ትዝታ መጣባት» የሚል ማብራሪያ ከጨመረ ድካሙ ሁሉ ፈሰሰ።

አሜሪካዊው ደራሲና መምህር ጆን ጋርድነር እ.ኤ.አ. በ1983 በታተመው የልብ ወለድ አጻጻፍ መጽሐፉ ውስጥ በዚህ ረገድ የታወቀ መልመጃ ትቷል፤ ልጁ በጦርነት የሞተበት ሰው የሚያየውን ጎተራ ግለጽ፣ ልጁንም ጦርነቱንም ሞቱንም አታንሣ ይላል። ዓይንን ያሠለጥናል። ሆኖም መልመጃ ነው፤ በሙሉ ታሪክ ውስጥ ሞቱን መደበቅ ግዴታ አይደለም። ስሜትን በስሙ መጥራትም ክልክል አይደለም። ራሱ ቼኾቭ በዮና ታሪክ መሐል የሰውዬውን ሐዘን ስፋት በግልጽ የሚናገር አንቀጽ አስገብቷል። ያስገባው ግን በረዶው፣ ያልተከራከረበት ሒሳብና አንገቱ ላይ ያረፈው የተሳፋሪ ጡጫ ከቀደሙ በኋላ ነው።

በእጁ ረቂቅ ያለ ሰው «አዘነ»፣ «አለቀሰ»፣ «ልቧ ተሰበረ» የሚሉትን በእርሳስ ሰርዞ፣ ታሪኩን ለማያውቅ ሰው ያስነብብና «ይህች ሴት ምን ሆናለች?» ብሎ ይጠይቅ። አንባቢው በትክክል ከመለሰ የተሰረዙት ተሰርዘው ይቅሩ። ካልመለሰ ቃላቱን መመለሱ አይጠቅምም፤ ሟቹ በሕይወት ሳለ ወደ ነበረበት ገጽ ይመለስና በየቀኑ ይሠራው የነበረውን አንድ ሥራ እዚያ ይጻፍ።