የመዝገብ ቤት ሥራ በቁጥር ሲለካ

በመዝገብ ቤት፣ በጸሐፊነት ወይም በጠቅላላ አገልግሎት የሚሠራ ሰው የሥራ ልምዱን ሲጽፍ ብዙውን ጊዜ የሚያሰፍረው የመደቡን ተግባራት ነው፦ «ገቢና ወጪ ደብዳቤ መመዝገብ፣ ፋይል ማደራጀት፣ ስልክ መቀበል»። ይህ መደቡ ምን እንደሚጠይቅ ይገልጻል እንጂ ሠራተኛው ምን እንዳስገኘ አይናገርም። በቦታው ለዓመታት የተጋውም ሆነ የለገመው ይህንኑ ቃል በቃል ሊጽፍ ይችላል። ልዩነቱን የሚያሳየው ቁጥር ነው፤ ቁጥሩም አብዛኛውን ጊዜ ሠራተኛው በየቀኑ በሚያገላብጠው መዝገብ ውስጥ ተጽፎ ይገኛል።

የገቢ ደብዳቤ መዝገብን እንውሰድ። እያንዳንዱ መስመር ተራ ቁጥር፣ ደብዳቤው የገባበት ቀን፣ የላኪው ስምና ጉዳዩ ይሰፍርበታል። በብዙ መሥሪያ ቤቶች ደብዳቤው የተመራለት ክፍልና የተረከበው ሰው ፊርማ ከነቀኑ ይጨመርበታል። በእነዚህ ሁለት ቀኖች መካከል ያለው ልዩነት ደብዳቤው ባለጉዳዩ ክፍል እስኪደርስ የወሰደው ጊዜ ነው። የደብዳቤ ብዛት ብቻውን የሥራ ጫናን ያሳያል፤ የሠራተኛውን ብርታት የሚያሳየው ግን ይህ ጊዜ ማጠሩ ነው። ብዙዎች ብዛቱን ብቻ ጽፈው ስለሚያበቁ ጥረታቸው ተደብቆ ይቀራል።

ለምሳሌ ያህል አንዲት የመዝገብ ቤት ሠራተኛ እናስብ። በመሥሪያ ቤቷ ደብዳቤ ሁሉ በቅድሚያ ኃላፊው ጠረጴዛ ላይ ይከማችና እሳቸው እስኪመሩት ይጠብቃል። እሷም እንደ ዓመት ፈቃድና የሥራ ልምድ ማስረጃ ያሉ የዘወትር ጥያቄዎች በቀጥታ ወደ ሰው ሀብት ክፍል እንዲሄዱ ሐሳብ አቀረበች፤ ኃላፊውም ፈቀዱ። አዲሱ አሠራር ሐምሌ 1 ቀን ጀመረ።

ለውጡን ለመለካት ከሐምሌ እስከ ታኅሣሥ ያለው ግማሽ ዓመት ካለፈው ዓመት ተመሳሳይ ወራት ጋር ይነጻጸራል። ከግንቦትና ከሰኔ ጋር ማነጻጸር ያሳስታል፤ የበጀት መዝጊያ ሰሞን ወረቀት ስለሚበዛ መዘግየቱ ከአሠራሩ ይሁን ከወቅቱ መለየት አይቻልም። አምና በእነዚያ ወራት 1,800፣ ዘንድሮ ደግሞ 2,400 ደብዳቤ ገብቷል እንበል። ሁሉንም መቁጠር አያስፈልግም። ከአምናው መዝገብ በየ15ኛው፣ ከዘንድሮው በየ20ኛው መስመር ቢወሰድ ከሁለቱም 120 ደብዳቤ ይገኛል። ቶሎ የደረሱትን ብቻ እንዳትመርጥ የሚጠብቃት ይህ በእኩል ርቀት መዝለል ነው። ከዚያ በተመሳሳይ ወይም በማግስቱ የሥራ ቀን የደረሱትን ትቆጥራለች። አምና 42፣ ዘንድሮ 96 ቢሆኑ ድርሻው ከ35 በመቶ ወደ 80 በመቶ አድጓል ማለት ነው፤ ያውም የደብዳቤው ብዛት በሲሶ ጨምሮ ሳለ።

በሥራ ልምዷ ላይ የሚሰፍረው እንግዲህ እንዲህ ይሆናል፦ «የዘወትር ደብዳቤዎች በቀጥታ ለክፍሎች እንዲመሩ ሐሳብ አቅርቤ በኃላፊው ፈቃድ ሥራ ላይ አዋልኩ፤ በመዝገብ ናሙና መሠረት እስከ ማግስቱ ለክፍሎች የሚደርሱት ደብዳቤዎች ከ35 ወደ 80 በመቶ ገደማ ከፍ አሉ»። «ገደማ» የሚለው ቃል አስፈላጊ ነው፤ ስሌቱ በናሙና የተሠራ ነውና። የኃላፊው ፈቃድ መጠቀሱም እንዲሁ፤ ሌላው ያደረገውን የራስ አስመስሎ መጻፍ በቃለ መጠይቅ ላይ ቶሎ ይጋለጣል። ጠያቂው «ይህን እንዴት አወቅሽ?» ሲላት የትኛውን መዝገብ፣ የትኞቹን ወራት፣ በየስንት መስመሩ እንደቆጠረች መናገር ከቻለች ቁጥሩ ይጸናል። ይህን መመለስ የማያስችል ቁጥር ባይጻፍ ይሻላል።

የቀድሞው ሁኔታ ያልተመዘገበበት ሥራም አለ። ፋይል ፈልጎ ለማግኘት አምና ስንት ደቂቃ ይፈጅ እንደነበር የጻፈ ሰው ከሌለ፣ ከትዝታ «በግማሽ ቀነስኩ» ማለት ፈጠራ ነው። የሚያዋጣው ማሻሻያው ከመጀመሩ በፊት ለሁለት ሳምንት የተጠየቀበትንና የተገኘበትን ሰዓት በደብተር መያዝ፣ ከማሻሻያው በኋላም ይህንኑ መድገም ነው። ማሻሻያው ቀድሞ ከተጀመረ ግን የአሁኑን ብቻ መግለጽ ይበቃል፦ «ከተጠየቁት 60 ፋይሎች 57ቱ በ10 ደቂቃ ውስጥ ተገኝተዋል» ማለት ያለ ንጽጽርም ትርጉም ይሰጣል።

ውጤቱ ስህተት አለመከሰቱ የሆነ ሥራ ደግሞ ስንት ጊዜ እንደተፈተሸ አብሮ ይጻፋል። የጥቃቅን ወጪ ገንዘብ የያዘ ሰው «ጉድለት አልተገኘብኝም» ከሚል «በዓመቱ በተደረጉ 12 ወርሃዊ ቆጠራዎች ጉድለት አልተገኘም» ቢል ይታመናል፤ ያልተፈተሸ ካዝናም ጉድለት አይታይበትምና።

ቆጠራው ሲሠራ ከመሥሪያ ቤቱ መውጣት ያለበት ድምሩ ብቻ ነው። የመዝገቡን ገጽ ፎቶ ማንሳት ወይም የላኪዎችን ስምና ጉዳይ ገልብጦ መውሰድ የሌሎችን ምስጢር ያወጣል፤ አዲሱ ቀጣሪም ማስረጃ ብሎ ሲያየው ሠራተኛዋ ነገ የእሱንም እንዲሁ እንደምታወጣ ይገምታል።