የልጅ የልደት ቀን ትምህርት ቤት ተሳስቶ ሲመዘገብ የሚጻፍ ደብዳቤ

ልጄ የተወለደችው ኅዳር 20 ቀን 2004 ዓ.ም ነው። ትምህርት ቤቷ ግን በፈረንጆቹ ኖቬምበር 30 ቀን 2012 ብሎ መዝግቧት ኖሯል። ትክክሉ 2011 ነው።

ስህተቱ የተለመደ ነው፤ ብዙ ሰው ዓመት ሲቀይር ዝም ብሎ 8 ይደምራል። ከመስከረም 1 ጀምሮ የፈረንጆቹ ዓመት እስኪለወጥ፣ ማለትም እስከ ታኅሣሥ 21 ወይም 22 ድረስ፣ የሚደመረው 7 ነው። ስለዚህ በመስከረም፣ በጥቅምትና በኅዳር የተወለዱ ልጆች ያሏችሁ ካርዳቸውን አንዴ እዩት። ቀኑም ያሳስታል። ጳጉሜን 6 ቀን ስትሆን፣ በማግስቱ የሚገባው መስከረም 1 ሴፕቴምበር 12 ላይ ይውላል። 2004 እንዲህ ስለገባ ነው ኅዳር 20 እንደ ሌላው ጊዜ 29 ሳይሆን 30 የሆነው።

ያስገባሁት ደብዳቤ ይኸው፦

ቀን፦ ______
ለ______ ትምህርት ቤት ርዕሰ መምህር ቢሮ
አዲስ አበባ

ጉዳዩ፦ የልደት ቀን እንዲታረም ስለመጠየቅ

የ8ኛ "ሀ" ክፍል ተማሪ የሆነችው ልጄ ______ የተወለደችው ኅዳር 20 ቀን 2004 ዓ.ም (እ.ኤ.አ. ኖቬምበር 30 ቀን 2011) ሲሆን፣ በትምህርት ቤቱ መዝገብ ላይ እ.ኤ.አ. ኖቬምበር 30 ቀን 2012 ተብሎ ተመዝግቧል። በመሆኑም ከልደት ምስክር ወረቀቷ ጋር ተመሳክሮ በግል ማህደሯ፣ በሮስተሩና በሪፖርት ካርዷ ላይ እንዲታረምልኝ፣ መታረሙም በጽሑፍ እንዲገለጽልኝ በአክብሮት እጠይቃለሁ።

ከሰላምታ ጋር
የወላጅ ስም፣ ፊርማና ስልክ
አባሪ፦ የልደት ምስክር ወረቀት ኮፒ 1 ገጽ

ሦስቱን ቦታዎች በስም የጠራሁት አውቄ ነው። "ይስተካከልልኝ" ብቻ ካላችሁ ካርዱ ላይ ይሰርዙና ይደልዙላችኋል፤ በሚቀጥለው ዓመት አዲሱ የክፍል ኃላፊ ከድሮው ሮስተር ሲገለብጥ ስህተቱ ተመልሶ ይመጣል። ማን እንዳጠፋም አልጻፍኩም። ጸሐፊዋ ማህደሩን ከመደርደሪያ አውርዳ የምትፈልግልኝ እሷው ናት፣ ምን አጣላኝ!

ደብዳቤውን በሁለት ኮፒ ይዛችሁ ሂዱ። አንዱን መዝገብ ቤት ገቢ አድርጉና በእጃችሁ በሚቀረው ላይ ቀንና ማህተም አስመቱበት። ዋናውን የልደት ሰርተፊኬት አሳይታችሁ መልሳችሁ ያዙት እንጂ ማህደር ውስጥ አትተዉት።

ይህ የሚሠራው ሰርተፊኬቱ ትክክል ሆኖ ትምህርት ቤቱ ሲሳሳት ነው። ሰርተፊኬቱ ራሱ ከተሳሳተ መጀመሪያ ወደ ሰጣችሁ ወረዳ የወሳኝ ኩነት ምዝገባ ጽሕፈት ቤት ነው የምትሄዱት። የተሳሳተው ቀን የ6ኛ ክፍል ፈተና ውጤት ላይ ወጥቶ ከሆነ ደግሞ ትምህርት ቤቱ መዝገቡን ቢያርምም ያንን ወረቀት የሚለውጠው ያወጣው የትምህርት ቢሮ ነው፤ በጽሑፍ የጠየቃችሁት የእርማት ደብዳቤ እዚያ ይፈለጋል።