በአሥራ አራት ዓመቷ የተመረቀችው ነርስ

ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ ቁስል ከሚያሳዩኝ ሰዎች ይልቅ ወረቀት የሚያሳዩኝ በዝተዋል። በእስቴ፣ በስማዳና በጋይንት ከሠላሳ ዓመት በላይ በነርስነት ሠርቻለሁ። በእኛ ጊዜ ትምህርቱም የበሽተኛ ካርዱም በእንግሊዝኛ ስለነበር፣ ልጅ ያስመረቁ ጎረቤቶች «ሲስተር፣ እስቲ ይችን ይዩልን» እያሉ ይመጣሉ። አብዛኛውን ጊዜ የሚያመጡት ልጆቹ «ካቨር ሌተር» የሚሉትን፣ ወደ ውጭ አገር ቀጣሪ የሚላከውን የማመልከቻ ደብዳቤ ነው። ሁሉም የሚፈሩት ሰዋስዉን ነው። እኔ ግን ደብዳቤውን የሚጥሉት ስሕተቶች ከእንግሊዝኛ ጋር እምብዛም ግንኙነት እንደሌላቸው አይቻለሁ። ስለዚህ ኤቢሲዲን ያልቆጠሩ እናትና አባትም ሊያግዙ የሚችሉበት ብዙ ቦታ አለ።

በቅርቡ ያየሁትን አንድ ደብዳቤ ላጫውታችሁ። ልጅቷ የታች ጋይንት ልጅ ናት፤ በነርስነት በዲግሪ ተመርቃለች፤ ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ የመጣውን የመውጫ ፈተናም አልፋለች። ቅጥር በማጣቷ ስማዳ ውስጥ ባለ አንድ ጤና ጣቢያ ስምንት ወር በነፃ አገልግላለች። አሁን ሳዑዲ ዓረቢያ ወዳለ ሆስፒታል ልታመለክት ነው። አባቷም አብረዋት መጥተዋል።

መጀመሪያ ያደረግሁት ደብዳቤውን ማንበብ አልነበረም። ፓስፖርቷን፣ ዲግሪዋንና የጤና ጣቢያውን የሥራ ልምድ ወረቀት ጠረጴዛ ላይ ዘርግቼ ቀኖቹን አንድ በአንድ ከደብዳቤው ጋር አስተያየሁ። ፓስፖርቱ የተወለደችበትን ቀን በፈረንጅ አቆጣጠር ጃንዋሪ 20 ቀን 2002 ይላል፤ በእኛ ጥር 12 ቀን 1994 መሆኑ ነው። ደብዳቤው ደግሞ «በ2016 ተመረቅሁ» ይላል። እኛ ስናነበው የ22 ዓመት ልጅ ተመረቀች ማለት ነው። ሪያድ ተቀምጦ ሁለቱን ወረቀቶች የሚያነብ ሰው ግን ከ2016 ላይ 2002ን ሲቀንስ የሚያገኘው 14 ነው። በአሥራ አራት ዓመቷ ዲግሪ የያዘች ነርስ! ይህን ያየ ሰው «የኢትዮጵያ ዘመን አቆጣጠር ይለያል» ብሎ አያስብላትም፤ «ወረቀቱ ሐሰት ነው» ብሎ ያልፋል።

«ታዲያ ሁሉም ላይ ስምንት ስምንት ልጨምር?» አለችኝ። ብዙ ልጆች የሚወድቁት እዚህ ላይ ነው። ከመስከረም 1 ጀምሮ ፈረንጆቹ አዲስ ዓመታቸውን እስከሚያከብሩበት እስከ ታኅሣሥ 23 ገደማ ያለው ልዩነት ሰባት ዓመት ነው፤ ከዚያ እስከ ጳጉሜን መጨረሻ ስምንት ይሆናል። ልጅቷ ጤና ጣቢያ የገባችው ኅዳር 1 ቀን 2017፣ የጨረሰችው ሰኔ 30 ቀን 2017 ነው። ትክክለኛው ግልባጭ ከኖቬምበር 10 ቀን 2024 እስከ ጁላይ 7 ቀን 2025 ነው። በሁለቱም ላይ ስምንት ብትጨምር ኖቬምበር 2025 ገብታ ጁላይ 2025 ወጣች፣ ማለትም ሥራ ሳትጀምር ለቀቀች ይሆናል። በሁለቱም ላይ ሰባት ብትጨምርም ያው ነው።

ወሩን በቁጥር መጻፍም ሌላ ጣጣ አለው። የተመረቀችበትን ቀን 29/10/2016 ብላ ጽፋለች። በእኛ አሥረኛው ወር ሰኔ ነው፤ በእነሱ ግን ኦክቶበር ነው። ስናሰላው ሰኔ 29 ቀን 2016 ጁላይ 6 ቀን 2024 ሆነ። ይህንንም ቢሆን 06/07/2024 ብሎ መጻፍ አይበጅም፤ አሜሪካዊ ካነበበው ጁን 7 ይለዋል። ወሩን በፊደል ማስፈር ነው የሚሻለው። ለሳዑዲ የጤና ሥራ ፈቃድ የሚያመለክቱ ሰዎች ማስረጃ «ዳታፍሎው» በሚባል ድርጅት በኩል ከሰጠው ተቋም ዘንድ ይጣራል። ደብዳቤው፣ ቅጹና ዲግሪው የተለያየ ቀን ከያዙ ልጅቷ እውነተኛ ሆና ሳለ የምታስረዳው ይበዛባታል።

የስሙም ነገር እንደዚሁ ነው። የአባቷ ስም ዲግሪው ላይ በአንድ ኤች፣ ፓስፖርቱ ላይ ያለ ኤች ተጽፏል። ደብዳቤው ላይ የፓስፖርቱን አጻጻፍ ተከተልን፤ የዲግሪውን ደግሞ ዩኒቨርሲቲው እንዲያስተካክልላት አለዚያም አንድ ሰው መሆኗን የሚገልጽ ደብዳቤ እንዲሰጣት ላክኋት።

ከዚያ በኋላ ወደ ንባቡ ገባሁ። የመጀመሪያው አንቀጽ እኛ ወረዳ ጽሕፈት ቤት የምናስገባው ማመልከቻ ቁርጥ ነው፦ «ጉዳዩ ሥራ መጠየቅን ይመለከታል፤ እኔ ስሜ ከላይ የተጠቀሰው አመልካች…» ብሎ ጀምሮ ከደሀ ገበሬ ቤተሰብ መወለዷን፣ ታናናሾቿ እሷን እንደሚጠብቁ፣ ዕድሉ ይሰጣት ዘንድ በትሕትና እንደምትለምን ይናገራል። ይህ ሁሉ እውነት ነው። አውጪው ስላት አባትየው ቅር አላቸው።

«ሲስተር፣ ችግራችን ካልተነገረ በምን ያዝኑላታል?»

ነገሩን ከባድ የሚያደርገው ይህ ነው። በእኛ አገር ማመልከቻ ላይ ችግርን መንገር ነውር አይደለም፤ የሚያነበውም ሰው የሚያውቀን ወይም ሊያዝንልን የሚገባ ነው። የውጭው ቀጣሪ ግን የሚፈልገው ሌሊት ተረኛ የሚሆንለት ሰው ነው። በዚያ ላይ ስለ ድህነቷ አብዝታ የምትጽፍ ልጅ ለደላላና ለመጥፎ ቀጣሪ «የሰጣችሁኝን ሁሉ እቀበላለሁ» ማለቷ ነው። ይህን ለአባትየው ስነግራቸው ዝም አሉ። ቆይተው «በሉ ይውጣ፤ እኛን እሷ ታውቀናለች» አሉ።

በቦታው የትኛውን የሥራ መደብ እንደምትጠይቅና ማስታወቂያውን የት እንዳየችው በሁለት ዓረፍተ ነገር ገባ።

ሦስተኛው አንቀጽ ላይ እጄ ቆመ። «በፅኑ ሕሙማን ክፍል ሰፊ ልምድ አለኝ፤ የመተንፈሻ መሣሪያም አንቀሳቅሳለሁ» ይላል። ከየት እንዳመጣችው ጠየቅኋት። ከጓደኛዋ ደብዳቤ ገልብጣ ነው። እሷ ራሷ ፅኑ ሕሙማን ክፍል የቆየችው በተማሪነቷ፣ ልጆቹ «አታችመንት» በሚሉት የተግባር ልምምድ፣ ሁለት ሳምንት ብቻ ነው። መሣሪያውን አይታዋለች እንጂ አልነካችውም። እኔ በዚህ ላይ ቀልድ አላውቅም። ቃለ መጠይቅ ላይ ስለ መሣሪያው ቢጠይቋት ትዋረዳለች፤ ሳይጠይቋት ቢቀጥሯት ደግሞ የባሰ ነው፣ መተንፈስ የማይችል ሰው ይሰጧታል። «ተማሪ ሆኜ ሁለት ሳምንት ተመልክቻለሁ» ተብሎ ተስተካከለ።

«እንዲህ ከሆነማ ምንም የሠራሁት ነገር የለም» ብላ አቀረቀረች።

«ስማዳ ስምንት ወር ምን ስትሠሪ ነበር?» አልኋት።

«ያው ከአምስት ዓመት በታች ሕፃናት ክፍል ነበርኩ» አለች፣ እንደ ተራ ነገር። ደብዳቤው ላይ ግን ይህ በአንድ መስመር «የሳንባ ምች መርምሬ አክሜያለሁ» ተብሎ ታልፏል። ለእኛ ግልጽ ነው። የውጭ አገር ነርስ ኃላፊ ካነበበችው ግን ትደነግጣለች፤ በብዙ አገር በሽታ ለይቶ መድኃኒት የሚያዘው ሐኪም እንጂ ነርስ አይደለም። ልጅቷ ከሥልጣኗ አልፋ የሠራች ያስመስላታል። የእኛ ነርሶች ግን ይህን የሚሠሩት በዘፈቀደ ሳይሆን ለሕፃናት ሕመም በወጣ የተቀናጀ መመሪያ ነው። የሚያስል ሕፃን ሲመጣ አንድ ሙሉ ደቂቃ ትንፋሹ ይቆጠራል። ከሁለት ወር እስከ አንድ ዓመት ላለው 50ና ከዚያ በላይ፣ ከአንድ ዓመት እስከ አምስት ዓመት ላለው 40ና ከዚያ በላይ ከሆነ ፈጣን ይባላል። ደረቱ ወደ ውስጥ መሰርጎዱ ይታያል፤ መጥባት ወይም መጠጣት አለመቻሉ፣ መንቀጥቀጡ ይጠየቃል። ከዚያ መመሪያው በሚለው መሠረት መድኃኒት ይሰጠዋል ወይም ወደ ሆስፒታል ይላካል።

ይህን አስቀምጬ አዲሱን አንቀጽ እሷው ራሷ እንድትጽፈው አደረግሁ። በአማርኛ ሲነገር እንዲህ ይላል፦ «ከኖቬምበር 2024 እስከ ጁላይ 2025 በደቡብ ጎንደር በሚገኝ የገጠር ጤና ጣቢያ በነፃ አገልግያለሁ። ጤና ጣቢያው እስከ 25,000 ለሚደርስ ሕዝብ አገልግሎት እንዲሰጥ የተቋቋመ ነው። በሕፃናት ክፍል፣ በብሔራዊው መመሪያ መሠረት፣ ትንፋሽ እቆጥር፣ የአደጋ ምልክት እለይ፣ ሕክምና እሰጥ፣ ከባድ ሕመም ያለባቸውን ወደ ሆስፒታል እልክ ነበር።» የጤና ጣቢያውን ስፋት ያስገባነው ያለ ምክንያት አይደለም። ቃሉ ብቻውን ለውጭ ሰው የአንድ ክፍል ክሊኒክም ትልቅ ሕንፃም ሊመስለው ይችላል። ስለ ታታሪነቷ፣ ስለ ሰዓት አክባሪነቷና ጫና ስለ መቋቋሟ የተጻፉት አራት መስመሮች ወጡ። ይህን የማይጽፍ አመልካች አላየሁም።

ሰዋስዉ የቀረው ለመጨረሻ ነበር፤ ሩብ ሰዓትም አልፈጀም። ልጆቻችን አማርኛውን በልባቸው ይዘው ስለሚጽፉ ስሕተታቸው ተመሳሳይ ነው። «ነርስነት ተማርኩ» ለማለት «አይ ለርንድ ነርሲንግ» ይላሉ፤ የዩኒቨርሲቲ ትምህርት ሲሆን «ስተዲድ» የሚለው ነው የሚያምረው። «ተመርቄያለሁ» ለማለት «አይ አም ግራጁኤትድ» ይላሉ፤ «አም» ይወጣል፣ «አይ ግራጁኤትድ ፍሮም» ይሆናል። «ከሠላምታ ጋር»ን ቃል በቃል «ዊዝ ግሪቲንግስ» ብላ ዘግታው ነበር። በእንግሊዞቹ ወግ የተቀባዩን ስም ጠርቶ የጀመረ ሰው «ዩርስ ሲንሲርሊ» ብሎ ይዘጋል፤ ስም ሳይጠራ «ዲር ሰር ኦር ማዳም» ብሎ የጀመረ «ዩርስ ፌይዝፉሊ» ይላል። ማስታወቂያው የኃላፊዋን ስም ስለያዘ የመጀመሪያውን ወሰደች።

አንድ ነገር ግን እኔ አልጻፍኩላትም። ጉልህ የሆነ ስሕተት አስተካክላለሁ እንጂ ዓረፍተ ነገሩን በእኔ እንግሊዝኛ አልተካም። ደብዳቤው ከአፏ የማይወጣ እንግሊዝኛ ከያዘ ቃለ መጠይቁ በሁለት ደቂቃ ያጋልጣታል። ጮክ ብላ እንድታነብልኝ አደረግሁ። ምላሷ የተያዘበትን ቦታ ሁሉ አጠርንና ከሁለት ገጽ ወደ አንድ ወረደ።

አባትየው የተሰጣቸው ሥራ ቀኖቹን ማስተያየት ነበር። ፊደሉን ባያውቁትም ቁጥር ያነባሉ። እኔ በወረቀት ላይ የገለበጥኋቸውን ቀኖች ይዘው፣ ጣታቸውን ከፓስፖርቱ ወደ ዲግሪው፣ ከዲግሪው ወደ ደብዳቤው እያዘዋወሩ አረጋገጡ። ታች፣ ፊርማው ጋ ሲደርሱ ቆሙ። «ይቺ 2017 ምንድን ናት? በእኛ ነው በእነሱ?» አሉ። ደብዳቤው ራሱ የተጻፈበት ቀን፣ ሁላችንም አልፈነው፣ በእኛ አቆጣጠር ቀርቶ ነበር። ልጅቷ ስልኳ ላይ አስተካከለችው፤ ማታ ኔትወርክ ሲመጣ ላከችው።