የባንክ ኮድ ሲደርስዎ ከቁጥሩ በፊት ጽሑፉን ያንብቡ

#ጥንቃቄ

"ኮዱን ለማንም አልሰጠሁም፤ ታዲያ ብሬ እንዴት ተወሰደ?"

ይህ በውስጥ መስመር በተደጋጋሚ የሚደርሰን ጥያቄ ነው። ጠያቂዎቹ እውነታቸውን ነው፤ ኮዱን ለደወለ ሰው አልነገሩም። ግን የሆነ ገጽ ላይ ጽፈውታል።

ነገሩን በምሳሌ እንየው።

ዱባይ የምትሠራ አንዲት እህታችን ዕቃ በኦንላይን አዝዛ እየጠበቀች ነው እንበል። "ዕቃዎ ደርሷል፤ ማድረሻ 5 ድርሃም ይክፈሉ" የሚል መልእክት ከሊንክ ጋር ይመጣላታል። ሊንኩን ስትከፍት የታወቀ የዕቃ አድራሽ ድርጅት አርማ ያለበት ገጽ ታያለች። የካርዷን ቁጥር፣ የሚያበቃበትን ቀንና ከጀርባው ያለውን 3 አሃዝ ትሞላለች።

ገጹ የሐሰት ነው። አጭበርባሪው የሞላችውን በዚያው ደቂቃ ይወስድና ከሌላ፣ እውነተኛ ከሆነ ሱቅ በ3,200 ድርሃም ስልክ ያዝዛል። ሱቁ ባንኩን ይጠይቃል፤ ባንኩም ለእሷ ኮድ ይልካል። የሐሰት ገጹ ደግሞ "የተላከልዎን ኮድ ያስገቡ" ይላታል። አስገባች፤ 3,200 ድርሃም ሄደ።

ልብ በሉ፦ ኮዱ የመጣው ከራሷ ባንክ ነው። ማስጠንቀቂያውም እዚያው መልእክት ውስጥ ነበር። ገጹ 5 ድርሃም ሲል የባንኩ መልእክት 3,200 ይላል። ግን አብዛኞቻችን የምናየው ቁጥሩን ብቻ ነው። አንዳንድ ስልኮች እንዲያውም ኮዱን ራሳቸው ስለሚያቀርቡልን መልእክቱን ሳንከፍተው እናልፋለን።

ስለዚህ ኮዱን ከመጻፍዎ በፊት፦

✅ የገንዘቡን መጠን ይዩ። ሊከፍሉ ካሰቡት ጋር ካልተመሳሰለ ያቁሙ። የሱቁ ስም አንዳንዴ በክፍያ አስተላላፊው ድርጅት ስም ሊመጣ ይችላል፤ የመጠን ልዩነት ግን ቀላል ነገር አይደለም።

✅ ኮዱ ለምን እንደሆነ ያንብቡ። "ካርድዎን ወደ አፕል ፔይ" ወይም "ጉግል ፔይ ለማስገባት" የሚል ከሆነና እርስዎ ካልጠየቁ በፍጹም አይጻፉ። ሌባው በአንድ ኮድ ካርድዎን ስልኩ ላይ ካስገባ በኋላ፣ እርስዎን ሌላ ኮድ ሳይጠየቅ ከሱቅ ሱቅ መግዛት ይችላል።

✅ ባንክዎ በኮድ ፋንታ በአፕሊኬሽን "አጽድቅ" የሚል ከሆነም ያው ነው። መጠኑን ሳያዩ አይጫኑ።

✅ ገንዘብ ለመቀበል ኮድ አያስፈልግም። ዕቃዎን ሊገዛ የመጣ ሰው "ክፍያው እንዲገባልህ ኮዱን ሙላ" ካለ ሌባ ነው።

ኮዱን ማንበብ ብቻውን ግን አይበቃም። ኮድ የማይጠይቁ የውጭ ሱቆች አሉ። በየወሩ የሚቆርጡ አገልግሎቶችም የሚጠይቁት መጀመሪያ ላይ ነው፤ ከዚያ በኋላ ዝም ብለው ይቆርጣሉ። ቨርቹዋል ካርድ የሚጠቅመው እዚህ ላይ ነው።

ቨርቹዋል ካርድ ፕላስቲክ የሌለው፣ በባንኩ አፕሊኬሽን ውስጥ የሚወጣ ካርድ ነው። የራሱ ቁጥርና የራሱ 3 አሃዝ አለው። 28 ዶላር የሚያወጣ ዕቃ የሚገዙ ከሆነ 30 ዶላር ይጫኑበት ወይም ጣሪያውን እዚያ ላይ ያድርጉ፤ ክፍያው ሲያልቅ ካርዱን ያግዱት። ቁጥሩ ቢሰረቅ እንኳ ሌባው 300 ዶላር ሲሞክር ውድቅ ይሆናል፤ ዋናው ሒሳብዎም አይነካም። አገር ውስጥ ሆናችሁ ከባንክ ዓለም አቀፍ የቅድመ ክፍያ ካርድ የወሰዳችሁም ለግዢው የሚበቃውን ብቻ በመጫን ተመሳሳይ ጥበቃ ታገኛላችሁ።

ግን ሁለት ነገር እንዳትረሱ።

ዕቃው እጅዎ ሳይገባ ካርዱን ጨርሰው አይሰርዙት። ሱቁ ገንዘብ ቢመልስ የሚመልሰው ወደዚያው ቁጥር ነው፤ ከተሰረዘ ገንዘቡን ለማግኘት ከባንክ ጋር መመላለስ ይመጣል። ማገድ ግን ችግር የለውም።

ሆቴልና የመኪና ኪራይ ሲሆን ደግሞ የከፈሉበትን ካርድ በአካል ሊጠይቁ ስለሚችሉ አስቀድመው ያጣሩ።

ኮዱን አስገብተው ከነቁስ? መጀመሪያ ካርዱን በአፕሊኬሽኑ ያግዱ። ቀጥሎ ካርዱ ጀርባ ላይ ባለው ቁጥር ባንኩ ጋ ይደውሉ፤ መልእክቱ ላይ ባለው ቁጥር አይደውሉ። "ካርዴ የሌላ ሰው ስልክ ላይ ገብቷል ወይ?" ብለው ይጠይቁና ያስወጡት። አቤቱታዎን በጽሑፍ ያስገቡ፤ የባንኩን መልእክትና የሐሰት ገጹን ሊንክ አያጥፉ። ባንኩ "በኮድ አጽድቀዋል" ብሎ ሊከራከርዎ ስለሚችል፣ የተታለሉበትን መንገድ የሚያሳየው ይኸው ማስረጃ ነው።

ለቤተሰብ ያጋሩ።