የመጨረሻው ብር የት ይዋል?

አዳም ስሚዝ እ.ኤ.አ. በ1776 ባሳተመው መጽሐፉ፣ ውኃ እጅግ ጠቃሚ ሆኖ ሳለ ርካሽ፣ አልማዝ ደግሞ ብዙም ሳይጠቅም ውድ የመሆኑን ነገር አንስቶ ነበር። ዛሬ የሚሰጠው መልስ፣ ዋጋ የሚከተለው የዕቃውን ጠቅላላ ጥቅም ሳይሆን በመጨረሻ የተጨመረው መጠን የሚያስገኘውን እርካታ ነው የሚል ነው። ኢኮኖሚስቶች ይህንን ኅዳግ እርካታ ይሉታል። ውኃ በሞላበት ቤት አንድ ጆግ ቢጨመር እምብዛም ለውጥ አያመጣም፤ አልማዝ ግን ብርቅ ነው።

ሐሳቡን በሁለት ሕጎች ያስቀመጠው ጀርመናዊው ሄርማን ጎሰን ነው። አንደኛ፣ ከአንድ ነገር በተከታታይ በወሰድን ቁጥር እያንዳንዱ ተጨማሪ መጠን የሚሰጠን እርካታ ይቀንሳል። ሁለተኛ፣ ሸማች ከገንዘቡ ከፍተኛውን እርካታ የሚያገኘው በየዕቃው ላይ ያወጣው የመጨረሻ ብር እኩል እርካታ ሲሰጠው ነው። በ1854 የታተመው መጽሐፉ ገዢ በማጣቱ ጎሰን የቀሩትን ቅጂዎች ከገበያ ሰበሰበ። እንግሊዛዊው ጄቮንስ በ1871 በራሱ መንገድ ተመሳሳይ ሐሳብ አቀረበ፤ የጎሰንን ቀዳሚነት የመሰከረለት በ1879 በወጣው ሁለተኛ እትም ነው።

ሕጉን በምሳሌ እንየው። አንድ ሰው 90 ብር ይዟል እንበል። ቡና በስኒ 20፣ ሳምቡሳ ደግሞ አንዱ 10 ብር ነው። ከመጀመሪያው እስከ አራተኛው ስኒ በቅደም ተከተል 80፣ 60፣ 40 እና 20 ነጥብ እርካታ ይሰጡታል፤ አራት ሳምቡሳዎች ደግሞ 40፣ 30፣ 20 እና 10። አራት ቡናና አንድ ሳምቡሳ ቢገዛ ድምሩ 240 ይሆናል። ግን አራተኛው ስኒ በብር 1 ነጥብ ብቻ ሲሰጥ፣ አንዱ ሳምቡሳ በብር 4 ነጥብ እየሰጠ ነው። ይህ ልዩነት ገንዘቡ ያለ ቦታው መዋሉን ያሳያል። ስኒዋን ትቶ በ20 ብሩ ሁለት ሳምቡሳ ቢጨምር 20 ነጥብ አጥቶ 50 ያገኛል። አሁን ሦስት ቡናና ሦስት ሳምቡሳ አለው፤ የሁለቱም መጨረሻ በብር 2 ነጥብ ይሰጣል፣ ድምሩም 270 ነው። መነጻጸር ያለበት እንግዲህ በዋጋ የተካፈለው እርካታ እንጂ የየዕቃው እርካታ ብቻውን አይደለም።

ቡና 30 ብር ቢገባ ሦስተኛው ስኒ በብር የሚሰጠው ወደ 1.33 ይወርዳል። ሸማቹ ሁለት ቡናና ሦስት ሳምቡሳ ሲገዛ ግን ሚዛኑ እንደገና 2 ለ 2 ይሆናል፣ 90 ብሩም ይበቃል። ዋጋ ሲጨምር የሚገዛው መጠን ለምን እንደሚቀንስ የሚያስረዳው አንዱ መንገድ ይህ ነው።

ሕጉ ገደብ አለው። ፍሪጅ በግማሽ አይገዛም፤ ስለዚህ እኩልነቱ ሁልጊዜ በትክክል አይሞላም። የመጀመሪያው መጠን እንኳ በብር ከሌሎቹ የመጨረሻ መጠን ያነሰ የሚሰጥ ዕቃ ደግሞ ጭራሹን አይገዛም። ዋናው ትችት ግን እርካታን በነጥብ የሚለካ መሣሪያ አለመኖሩ ነው። ኢኮኖሚስቶቹ ሂክስና አለን በ1934 ነጥቡን ትተው፣ ሸማቹ የትኛውን ከየትኛው እንደሚያስበልጥ ማወቅ ብቻ እንደሚበቃ አሳዩ። በእነሱ አቀራረብ፣ ቡና 20 ብር በነበረበት ጊዜ ሸማቹ ለመጨረሻዋ ስኒ ሁለት ሳምቡሳ ለመተው ፈቃደኛ ከሆነ፣ ፍላጎቱ ከገበያው ዋጋ ጋር ገጥሟል ማለት ነው።