ሽመላው ሲዞር ተራኪው ምን ይበል?

ነጭ ሽመላ ከአውሮፓ ወደ አፍሪካ ሲጓዝ አብዛኛውን መንገድ ክንፉን አያርገበግብም። ክንፎቹ ሲዘረጉ ሁለት ሜትር ያህል ናቸው፤ ይህን ግዙፍ አካል በጡንቻ ኃይል ብቻ ተሸክሞ አህጉር ማቋረጥ አይችልም። ስለዚህ ፀሐይ ምድርን እስክታሞቅ ይጠብቃል። ሙቁ አየር ሽቅብ መውጣት ሲጀምር ገብቶበት እየዞረ ከፍ ይላል፤ ከዚያ ሌላ ሙቅ አየር እስኪያገኝ ድረስ ክንፉን እንደዘረጋ ይንሸራተታል። ባሕር ላይ እንዲህ ያለ አየር እምብዛም ስለሌለ ሽመላዎቹ ሜዲትራኒያንን ዞረው ያልፋሉ። የምሥራቆቹ መንገድ በኢስታንቡሉ የቦስፎረስ ወሽመጥ በኩል ነው። ከእነዚህ መካከል እስከ ኢትዮጵያ የሚደርሱም አሉ።

ለዶክመንተሪ ፊልም ትረካ የሚጽፍ ሰው መነሻው ይህ አበራረር መሆን አለበት። ወፉ ራሱ ሁለት ዓይነት ፍጥነት ይሰጠዋል፤ ረጅምና ጸጥ ያለ ዙረት፣ አጭርና አድካሚ ርግብግብታ። ጽሑፉ ሁለቱን በአንድ ዓይነት ዐረፍተ ነገር ካስኬዳቸው ተመልካቹ ምክንያቱን ባያውቀውም ድምፁና ምስሉ እንደተጣሉ ይሰማዋል።

እንበልና ኤዲተሩ በቦስፎረስ ዳር የተቀረጸ ሃያ ሰከንድ ሰጠን። ሽመላዎች እየዞሩ ይወጣሉ፤ በመጨረሻው ሰከንድ ላይ አንዱ ከክቡ ወጥቶ ወደ ወሽመጡ ይንሸራተታል። ስንት ቃል ይበቃል? የአማርኛ ቃል አንዱ አጭር፣ አንዱ በቅጥያ የረዘመ ስለሆነ ቃል መቁጠር ያሳስታል፤ ፊደል መቁጠር ይሻላል። ቀስ ብሎ ለሚተርክ ሰው በሰከንድ አምስት ፊደል ገደማ ብሎ መነሣት ይቻላል። ቁርጡን የሚነግረን ግን ተራኪው ምስሉን እያየ ሲያነብ የተያዘው ሰዓት ነው።

«ሽመላዎቹ ክብ እየሠሩ ወደ ላይ ይወጣሉ» ማለት ትርፍ ነው፤ ተመልካቹ እያየው ነው። ዙረቱ ረጅም ስለሆነ ግን ታሪክ መሸከም ይችላል። በ1822 ጀርመን ውስጥ፣ በክሉትዝ አካባቢ፣ አንገቱን የአፍሪካ ጦር የወጋው ሽመላ ተገኝቶ ነበር። ወፎቹ ክረምቱን የት እንደሚያሳልፉ ገና አከራካሪ በነበረበት ዘመን ያ ጦር ትልቅ ማስረጃ ሆነ፤ ሽመላው ዛሬም በሮስቶክ ዩኒቨርሲቲ ይገኛል። ይህ ሁሉ በሃያ ሰከንድ አይገባም። ዓመቱ ብቻውን ብዙ ቦታ ይይዛል፤ በወረቀት ላይ አራት አኃዝ ነው፣ በአፍ ግን «በሺህ ስምንት መቶ ሃያ ሁለት፣ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር» ሆኖ ሃያ ዘጠኝ ፊደል፣ ስድስት ሰከንድ ያህል ይወጣዋል። ስለዚህ እንዲህ እናደርገዋለን፦

«ከሁለት መቶ ዓመት በፊት፣ አንድ ሽመላ ጦር በአንገቱ እንደተሰካ ጀርመን ደረሰ። ጦሩ ከአፍሪካ ነበር።»

አርባ ስምንት ፊደል፣ ዐሥር ሰከንድ ያህል ነው። ቀሪው ዐሥር ሰከንድ በቃል አይሞላም። ተመልካቹ የሰማውን ይዞ ወፎቹን የሚያይበት ጥቂት ሰከንድ ያስፈልገዋል።

ከዚያ የሚመጣው የአማርኛ ጸሐፊ ልዩ ጭንቀት ነው። ግሳችን ከመጨረሻ ይመጣል። «ከፍታው ሲበቃቸው፣ አንዱ ክቡን ጥሎ ይወጣል» የሚለው ሃያ አንድ ፊደል ነው፤ አራት ሰከንድ ይፈጃል። ተራኪው ወፉ ሲወጣ አይቶ ከጀመረ «ይወጣል» የሚለው ቃል የሚደርሰው ሽመላው ወሽመጡ ላይ ከሆነ በኋላ ነው። ዐረፍተ ነገሩ ከድርጊቱ አራት ሰከንድ ቀድሞ መነሣት አለበት። እኔ በጽሑፉ ኅዳግ ላይ የመነሻውን ሳይሆን የግሱን ሰከንድ አስቀድሜ እጽፋለሁ፤ መነሻውን ወደ ኋላ እየቆጠርኩ አገኘዋለሁ።

ቀጣዩ ምስል ከፍታ አጥቶ ውኃው ላይ ክንፉን የሚመታ ሽመላ ነው እንበል። እዚህ ረጅም ዐረፍተ ነገር ይሰበራል፤ «ባሕሩ አያነሣውም። ይመታል። ይደክማል።» ይበቃል። ምስሉ በሰከንድ መቶ ፍሬም ተቀርጾ በሃያ አምስት የሚታይ ከሆነ እንቅስቃሴው በአራት እጥፍ ይዘገያል፤ በሦስቱ ዐረፍተ ነገሮች መካከል ያለው ዝምታም አብሮ ይረዝማል። ድምፅ ሲቀናበር የሌላ ወፍ ጩኸት እንዳይጨመርም አደራ። አዋቂ ሽመላ ድምፅ የለውም ማለት ይቻላል፤ የሚታወቀው መንቁሩን በማንቋቋት ነው፣ ያውም በብዛት ጎጆው ላይ። በበረራ ላይ የሚጮህ ሽመላ ማሰማት ተመልካቹን መዋሸት ነው።

ስቱዲዮ ውስጥ ተራኪው የዐረፍተ ነገሩን መጨረሻ ሲያጣድፍ ከተሰማ ጽሑፉ ረዝሟል ማለት ነው። «ትንሽ ፍጠን» ከማለት በፊት ቅጽሎቹን ማውጣትና እንደገና ማስነበብ ይገባል። ሌላው መፈተኛ ምስሉን አጥፍቶ ማዳመጥ ነው፤ ትረካው ያለ ምስሉ ምንም ሳይጎድለው ከተሟላ ለሬዲዮ የተጻፈ ነው፣ ከእያንዳንዱ አንቀጽ ገና የሚወጣ ነገር አለ።